የሀብትና የዕዳ መግለጫ አነባበብ፤ ሁለቱ ወገኖች ስለ ምን ሁልጊዜ እኩል እንደሚሆኑ

መግቢያ።

የሀብትና የዕዳ መግለጫ የሚባለው፣ አንድ የንግድ ቤት ወይም አንድ ማኅበር በአንድ በተወሰነ ቀን ያለውን ሀብት፣ ያለበትን ዕዳና ከዚህ በኋላ ለባለቤቱ የሚተርፈውን ድርሻ የሚያሳይ ወረቀት ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ ብዙ ነጋዴዎችና የገበሬ ማኅበራትም ሒሳባቸውን በዚሁ ቀን ይዘጋሉ። ከዚያም በኋላ ወረቀቱ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ሽማግሌዎችና የቁጥጥር ኮሚቴ አባሎችም እንዲፈርሙበት ይቀርብላቸዋል።

ብዙ ጊዜ ግን ፈራሚው የሚመለከተው ከታች የተጻፉትን ሁለት ድምሮች ብቻ ነው። እኩል ሆነው ካገኛቸው «ሒሳቡ ልክ ነው» ብሎ ፊርማውን ያኖራል። ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ያመጣል፤ ሁለቱ ድምሮች እኩል መሆናቸው ሒሳቡ እውነተኛ መሆኑንም፣ ቤቱ ማትረፉንም አያስረዳምና። እንግዲህ እኩልነቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ለይቶ ማወቅ ለፈራሚው ግዴታ ነው። ይህ ትምህርት ይህንኑ በአንድ የወፍጮ ቤት ሒሳብ ምሳሌነት ያስረዳል።

፩ኛ። ለአንድ ሀብት ሁለት ጥያቄ

በአንድ ጎተራ ውስጥ 10 ኩንታል ጤፍ አለ እንበል። አንድ ሰው መጥቶ «በጎተራው ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «10 ኩንታል ጤፍ» የሚል ነው። ሁለተኛው ሰው መጥቶ «ጤፉ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ መልሱ «3 ኩንታል ከጎረቤት የተበደርነው ነው፤ 7 ኩንታል የባለቤቱ ነው» የሚል ይሆናል። ሦስትና ሰባት ሲደመሩ አሥር መሆናቸው ማንንም አያስደንቅም፤ ጤፉ ያው አንዱ ጤፍ ነውና። ሁለት የሆነው ጥያቄው እንጂ ጤፉ አይደለም።

የሀብትና የዕዳ መግለጫም እንደዚሁ ነው። በአንደኛው ወገን የሚጻፈው «ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሆን፣ ስሙ ሀብት ይባላል። ይኸውም በሣጥንና በባንክ ያለ ገንዘብ፣ ከደንበኞች የሚሰበሰብ ዱቤ፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ፣ መሣሪያና ቤት ነው። በሁለተኛው ወገን የሚጻፈው «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ይህም መልስ በሁለት ይከፈላል። የፊተኛው ዕዳ ነው፤ ይህም ለአበዳሪና በዱቤ ዕቃ ለሰጠ ነጋዴ ሊከፈል የሚገባው ነው። የኋለኛው የባለቤት ድርሻ ነው፤ ካፒታልም ይሉታል። ይህም ዕዳ ሁሉ ከተነሣ በኋላ ለባለቤቱ የሚቀረው ነው።

ስለዚህ ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል።

ሀብት = ዕዳ + የባለቤት ድርሻ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ ሒሳብ የንግድ ቤቱና ባለቤቱ እንደ ሁለት ሰዎች ይቆጠራሉ። ባለቤቱ ከኪሱ አውጥቶ ወደ ንግዱ ያገባው ገንዘብ፣ ንግዱ ለባለቤቱ እንዳለበት አደራ ሆኖ ይጻፋል። የባለቤት ድርሻ ከዕዳ ጋር በአንድ ወገን የሚሰለፍበት ምክንያት ይህ ነው። ልዩነቱ አበዳሪው ቀንና መጠን ቆርጦ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ባለቤቱ ግን ከሁሉ በኋላ የተረፈውን የሚወስድ መሆኑ ነው።

፪ኛ። የወፍጮ ቤቱ ሒሳብ ከመጀመሪያው ቀን

አንድ ሰው በመንደሩ የናፍጣ ወፍጮ ሊተክል አሰበ። ሐምሌ 1 ቀን ከራሱ ብር 300,000 አውጥቶ በወፍጮ ቤቱ ስም በባንክ አስቀመጠ። በዚያች ሰዓት የወፍጮ ቤቱ ሀብት በጥሬ ገንዘብ ብር 300,000 ነው። የማን ነው ቢባል፣ ዕዳ ስለሌለ ሁሉም የባለቤቱ ነው። ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው።

በማግሥቱ ከገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ብር 200,000 ተበደረ። አሁን ጥሬ ገንዘቡ ብር 500,000 ሆነ። ይሁን እንጂ ባለቤቱ በዚህ ብድር አልበለጸገም፤ ከ500,000 ብር ላይ 200,000 ብር የአበዳሪው ነውና። ሀብቱ በ200,000 ብር ሲጨምር ዕዳውም በዚያው ልክ ጨመረ፤ የባለቤት ድርሻ 300,000 ብር እንደ ሆነ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ወፍጮውንና ሞተሩን በብር 380,000 ገዛ። እዚህ ላይ በሁለተኛው ወገን ምንም አልተለወጠም። በሀብት ወገን ጥሬ ገንዘቡ ወደ ብር 120,000 ወረደ፤ ብር 380,000 የሚያወጣ ወፍጮም ተተከለ። ገንዘቡ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ ድምሩ ያው ብር 500,000 ነው።

በመጨረሻም ከነዳጅ ነጋዴ ብር 15,000 የሚያወጣ ናፍጣ በዱቤ ወሰደ። በሀብት ወገን ናፍጣ ብር 15,000 ተጨመረ፤ በዕዳ ወገንም ለነዳጅ ነጋዴው ብር 15,000 ተጨመረ። ድምሩ በሁለቱም ወገን ብር 515,000 ሆነ።

ከእነዚህ አራት ሥራዎች አንድም እንኳ በአንድ ቦታ ብቻ የተጻፈ የለም። እያንዳንዱ ሁለት ቦታ ይነካል። ወይ በሁለቱም ወገን እኩል ይጨምራል፤ ወይ ከሁለቱም ወገን እኩል ይቀንሳል፤ ወይም በአንዱ ወገን ውስጥ ከአንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ከእኩልነት የተነሣ ሒሳብ በማናቸውም ሥራ ከእኩልነት ሊወጣ አይችልም። የኢጣልያ ነጋዴዎች ይህን ሁለት ጊዜ የመጻፍ ሥርዓት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይሠሩበት ነበር። የፍራንቸስካውያን መነኩሴ የነበረው ሉካ ፓቾሊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ከተማ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ሥርዓቱን ገልጾ ጻፈው፤ በኅትመትም ወደ ሌሎች አገሮች ሊዳረስ ቻለ።

፫ኛ። የዓመቱ ሥራና የሰኔ 30 መግለጫ

ወፍጮው ዓመቱን ሙሉ ሠራ። ከማስፈጫ ዋጋ ብር 190,000 በእጅ ተቀበለ፤ ብር 20,000 ደግሞ በዱቤ ካስፈጩ ደንበኞች ገና የሚሰበሰብ ነው። ስለዚህ የዓመቱ ገቢ ብር 210,000 ነው። ገንዘቡ እጅ ባይገባም ሥራው ስለተሠራ ዱቤው ከገቢ ይቈጠራል።

ስለ ወጪውም እንዲህ ነው። ለሠራተኛ ደመወዝ ብር 50,000 ከፈለ። ሌላ ናፍጣ በብር 40,000 በእጁ ገዛ፤ ሰኔ 30 ቀን በርሜሉ ሲለካ የተረፈው ብር 5,000 የሚያወጣ ነው። ከፊተኛው 15,000 ጋር 55,000 ስለነበረ የነደደው ብር 50,000 ነው። ለብድር ማኅበሩ ከመቶ 12 ሒሳብ ብር 24,000 ወለድ ከፈለ። ወፍጮውም አሥር ዓመት ያገለግላል ተብሎ ስለተገመተ፣ ከዋጋው አንድ አሥረኛው ማለት ብር 38,000 በዚህ ዓመት እንዳለቀ ይቈጠራል፤ ይህም የእርጅና ቅናሽ ይባላል። ለእርጅና ቅናሽ ከሣጥን የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ ነገር ግን ብረቱ በየቀኑ የሚያልቅ ነውና እውነተኛ ወጪ ነው። የአራቱ ወጪ ድምር ብር 162,000 ነው፤ ከ210,000 ሲነሣ ትርፉ ብር 48,000 ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ወጪ ያልሆኑ ሦስት ክፍያዎች ነበሩ። ከዋናው ብድር በዓመቱ መጨረሻ ብር 40,000 መለሰ፤ ለነዳጅ ነጋዴው ከቀድሞው ዕዳ ብር 10,000 ከፈለ፤ ለቤተ ሰቡ ፍጆታ ብር 30,000 ወሰደ። የፊተኞቹ ሁለቱ ዕዳን ይቀንሳሉ እንጂ ትርፍን አይነኩም። የመጨረሻው የባለቤቱን ድርሻ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ መግለጫው እንዲህ ሆነ።

የወፍጮ ቤቱ የሀብትና የዕዳ መግለጫ፣ ሰኔ 30 ቀን

ሀብት
ጥሬ ገንዘብ በእጅና በባንክ — ብር 116,000
ከደንበኞች የሚሰበሰብ ዱቤ — ብር 20,000
ያልነደደ ናፍጣ — ብር 5,000
ወፍጮና ሞተር (380,000 ሲቀነስ 38,000) — ብር 342,000
የሀብት ድምር — ብር 483,000

ዕዳና የባለቤት ድርሻ
ለብድር ማኅበር — ብር 160,000
ለነዳጅ ነጋዴ — ብር 5,000
የዕዳ ድምር — ብር 165,000
የባለቤት ድርሻ (300,000 ሲደመር ትርፍ 48,000 ሲቀነስ የተወሰደ 30,000) — ብር 318,000
የዕዳና የባለቤት ድርሻ ድምር — ብር 483,000

አንባቢው እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ያስተውል። አንደኛ፣ ወፍጮ ቤቱ ብር 48,000 አተረፈ፤ ጥሬ ገንዘቡ ግን ከ120,000 ወደ 116,000 ብር ወረደ። ይህ እርስ በርሱ የሚቃረን አይደለም፤ ትርፉ በከፊል ዱቤ ሆኖ በደንበኞች እጅ ነው፣ በከፊልም ዕዳ ተከፍሎበታል፣ በከፊልም ለቤት ፍጆታ ሆኗል። ሁለተኛ፣ የባለቤት ድርሻ ብር 318,000 ነው ሲባል ይህን ያህል ብር በሣጥን ተቀምጧል ማለት አይደለም። በሣጥንና በባንክ ያለው 116,000 ብር ብቻ ነው። ድርሻው በወፍጮው ብረት፣ በናፍጣውና በዱቤው ውስጥ ተበትኖ ይገኛል።

በኅብረት ሥራ ማኅበር መግለጫ ላይ የባለቤት ድርሻ በአንድ መስመር አይጻፍም። የአባላት ዕጣ፣ መጠባበቂያና ያልተከፋፈለ ትርፍ እየተባለ ይዘረዘራል። አባሎች «መጠባበቂያ» የሚለውን ቃል አይተው የተቈለፈ ገንዘብ ያለ ይመስላቸዋል። መጠባበቂያ ግን «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው እንጂ «የት አለ?» ለሚለው አይደለም። ገንዘቡ ያለበትን ለማወቅ ወደ ሀብት ወገን ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። ትርፍ እናከፋፍል የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜም በመጀመሪያ መታየት ያለበት የጥሬ ገንዘቡ መስመር ነው።

፬ኛ። ኪሳራ በመጣ ጊዜም እኩልነቱ ስለ ምን አይፈርስም?

አንዳንድ ሰው «ንግዱ ሲከስር ሀብቱ ይቀንሳል፤ ዕዳው ግን ባለበት ይቆማል፤ ታዲያ ሁለቱ ወገኖች እንዴት እኩል ይሆናሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱ የሚገኘው የባለቤት ድርሻ ምን እንደ ሆነ በማስታወስ ነው። የባለቤት ድርሻ በራሱ ተቈጥሮ ወይም ተመዝኖ የሚታወቅ ነገር አይደለም። ሀብት ይቈጠራል፤ ዕዳ በውል ይታወቃል፤ የባለቤት ድርሻ ግን የሁለቱ ልዩነት፣ ማለት ቀሪው ነው።

ይህን በውርስ ነገር ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቁታል። የሟች ንብረት ሲከፈል አስቀድሞ የሟቹ ዕዳ ይከፈላል፤ ወራሾች የሚካፈሉት የተረፈውን ነው። ዕዳውና ለወራሾች የተረፈው ሲደመሩ ከጠቅላላው ንብረት ጋር እኩል መሆናቸው ግድ ነው፤ የወራሾች ድርሻ ማለት «የተረፈው» ማለት ነውና። ከከብቶቹ አንዱ በሬ ከክፍያው በፊት ቢሞት የሚጐድልባቸው ወራሾች ናቸው እንጂ የአበዳሪው ገንዘብ አይቀንስም።

በወፍጮ ቤቱም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ከጥገና በላይ ተሰበረና ወፍጮና ሞተሩ ብር 342,000 መሆኑ ቀርቶ ብር 100,000 ብቻ የሚያወጣ ሆነ እንበል። ሀብቱ ብር 241,000 ይሆናል። ዕዳው 165,000 ብር እንዳለ ነው። የባለቤት ድርሻ ወደ 76,000 ብር ይወርዳል፤ 165,000 እና 76,000 ሲደመሩ 241,000 ናቸው። ሙሉውን የ242,000 ብር ጉዳት ባለቤቱ ብቻውን ተሸከመው። ጉዳቱ ከዚህም ከፍቶ ወፍጮው ምንም የማያወጣ ቢሆን፣ ሀብቱ ብር 141,000 ዕዳውም ብር 165,000 ይሆናል። የባለቤት ድርሻ ከባዶ በታች 24,000 ብር ይሆናል፤ በወረቀቱም ላይ የመቀነስ ምልክት ተደርጎበት ይጻፋል። እኩልነቱ በዚህ ጊዜም አልፈረሰም። ነገር ግን ሀብቱ ሁሉ ቢሸጥ እንኳ ዕዳውን ስለማይከፍል፣ ጉዳቱ የባለቤቱን ድርሻ ጨርሶ ወደ አበዳሪው እየተሻገረ ነው።

ከዚህ የተነሣ የባለቤት ድርሻ ለአበዳሪው እንደ አጥር ነው። አጥሩ ሰፊ ሲሆን ጉዳት ቢመጣ አጥሩን ሳያልፍ ይቆማል፤ ጠባብ ሲሆን ግን ጥቂት ጉዳት አልፎ አበዳሪውን ያገኘዋል። ብድር ማኅበር ከማበደሩ በፊት መግለጫ የሚጠይቀው ይህን ስፋት ለማየት ነው።

፭ኛ። እኩልነቱ የማይናገረው ነገር

የባለቤት ድርሻ ቀሪ ከሆነ፣ በሀብት ወይም በዕዳ ላይ የተሠራ ስሕተት ሁሉ ሳይታይ ወደዚያው ቀሪ ይፈስሳል ማለት ነው። ወረቀቱ የተሳሳተ ሆኖ ሳለ ድምሮቹ እኩል የሚሆኑት ስለዚህ ነው። ይህንንም በዚያው በወፍጮ ቤቱ መግለጫ መመልከት ይቻላል።

ጉባኤው ሊፈርም ሲል አንድ ሽማግሌ የነዳጁን ደረሰኞች ጠየቀ እንበል። በሰኔ ወር ብር 12,000 የሚያወጣ ናፍጣ በዱቤ ተወስዶ፣ ነድዶ ማለቁና ደረሰኙ በሠራተኛው ኪስ ቀርቶ በመዝገብ ሳይጻፍ መቅረቱ ተገኘ። መዝገቡ ይህን ናፍጣ ስላላወቀው በሁለቱም ወገን አልጻፈውም፤ ስለዚህ ሚዛኑ አልተናጋም። እውነቱ ግን ዕዳው 177,000 ብር ነው፤ ወጪውም በ12,000 ብር ይበልጣል።

ቀጥሎም የዱቤው ዝርዝር በስም ሲነበብ፣ ከ20,000 ብር ላይ 8,000 ብር ያለባቸው ሰዎች አገር ለቀው መሄዳቸው ታወቀ። ይህ ገንዘብ የማይሰበሰብ ከሆነ ሀብት ተብሎ ሊጻፍ አይገባውም። ሀብቱ 483,000 መሆኑ ቀርቶ 475,000 ብር ይሆናል።

አሁን እንደገና ይታሰብ። ሀብት ብር 475,000፤ ዕዳ ብር 177,000፤ የባለቤት ድርሻ ብር 298,000። ሁለቱ ወገኖች እንደ ፊቱ እኩል ናቸው። ነገር ግን የዓመቱ ትርፍ ብር 48,000 አይደለም፤ 12,000 እና 8,000 ሲነሡለት ብር 28,000 ብቻ ነው። ባለቤቱ ግን 30,000 ብር ለቤቱ ወስዷል። ስለዚህ ከትርፉ አልፎ ከዋናው ገንዘብ 2,000 ብር በልቷል፤ የጀመረበት 300,000 ብርም ወደ 298,000 ወርዷል። የፊተኛው ወረቀት ባለቤቱ እየበለጸገ መሆኑን ይናገር ነበር፤ የታረመው ወረቀት ዋናውን እየበላ መሆኑን ያሳያል። ሁለቱም ወረቀቶች ግን እኩል ነበሩ።

እንግዲህ አንባቢው ከድምሩ ይልቅ እያንዳንዱን መስመር ከወረቀት ውጭ ባለ ነገር ማስመስከር አለበት። ጥሬ ገንዘቡ በዚያው ቀን ተቈጥሮ፣ በባንክ ያለውም ባንኩ ከሚሰጠው መግለጫ ጋር ይመሳከራል። ናፍጣው በርሜሉ ተለክቶ ይታወቃል። ዱቤው በባለ ዕዳው ስምና ዱቤው በተሰጠበት ቀን ይዘረዘራል፤ ዱቤው በቆየ ቍጥር የመሰብሰቡ ተስፋ ይቀንሳልና። ዕዳን ማጣራት ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ ያለ ሀብት በዓይን ሲታይ ያልተጻፈ ዕዳ አይታይምና። ስለዚህ ዕዳን የሚፈትሽ ሰው መዝገቡን ብቻ ሳይሆን ዕቃ የሰጡትን ነጋዴዎች መጠየቅ፣ ከሰኔ 30 በኋላ በሐምሌ ወር የተከፈሉትንም ሒሳቦች ማየት ይገባዋል። በሐምሌ የተከፈለ የሰኔ ዕቃ በሰኔው መግለጫ ዕዳ ተብሎ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ተዘሏል ማለት ነው።

የወፍጮው ዋጋም በመግለጫው እንደተጻፈው በገበያ ይሸጣል ማለት አይደለም። 342,000 ብር ከግዢው ዋጋ ላይ የእርጅና ቅናሽ ተነሥቶ የቀረ ቍጥር ነው። ገበያው ከዚህ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። አንባቢው ዋጋው በምን መንገድ እንደተተመነ ይጠይቅ፤ የእርጅና ቅናሹም በየዓመቱ መነሣቱን ይመልከት። ቅናሹ ተትቶ ቢሆን ኖሮ ወፍጮው 380,000 ብር እንደ ሆነ፣ ትርፉም በ38,000 ብር ከፍ ብሎ፣ ድምሮቹም እኩል ሆነው በታዩ ነበር።

፮ኛ። በወረቀት ላይ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ

በእውነተኛው ነገር ሁለቱ ወገኖች ዘወትር እኩል ከሆኑ፣ በወረቀት ላይ ተለያይተው የተገኙ እንደ ሆነ የተሳሳተው የጸሓፊው እጅ ነው። ስሕተቱን ለመፈለግ ሁለት የቆዩ ብልሃቶች አሉ።

የመጀመሪያው ልዩነቱን ለሁለት መክፈል ነው። ለነዳጅ ነጋዴው የሚከፈለው 5,000 ብር በስሕተት በሀብት ወገን ተጽፎ እንደ ሆነ፣ ሀብቱ 488,000 ሌላው ወገን 478,000 ይሆናል፤ ልዩነቱ 10,000 ብር ነው። ግማሹ 5,000 ነውና፣ ብር 5,000 የሆነ መስመር በተሳሳተ ወገን ተጽፎ እንደ ሆነ ይፈለግ። ሁለተኛው ልዩነቱን ለዘጠኝ መክፈል ነው። ጐን ለጐን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሲጻፉ ልዩነቱ ሁልጊዜ ያለ ቀሪ ለዘጠኝ ይካፈላል። 5,400 ተብሎ ሊጻፍ የሚገባው 4,500 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 900 ነው፤ ይህም ለዘጠኝ ሲካፈል 100 ይሆናል። እነዚህ ብልሃቶች ስሕተቱ ያለበትን ስፍራ ይጠቁማሉ እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም፤ መጨረሻው መዝገቡን ከደረሰኙ ጋር ማስተያየት ነው።

ፈጽሞ የማይገባው ሥራ ግን፣ ልዩነቱን «ልዩ ልዩ» ወይም «ማስተካከያ» የሚል ስም ሰጥቶ ባነሰው ወገን ላይ መጨመር ነው። ምክንያቱ ያልተገለጸ እንዲህ ያለ መስመር በመግለጫ ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ፈራሚው ማብራሪያ ሳይሰጠው አይፈርም። ትንሽ ልዩነት የሁለት ትልልቅ ስሕተቶች ቀሪ ልትሆን ትችላለችና።

መልመጃ።

መምህሩ የሚከተለውን በሰሌዳ ጽፎ ተማሪዎች እንዲሠሩት ያድርግ።

አንድ የገበሬዎች ማኅበር ጥሬ ገንዘብ ብር 40,000፣ ምርጥ ዘር ብር 90,000፣ መጋዘን ብር 150,000 አለው። ዕዳው ብር 70,000 ነው።

1. የአባሎቹ ድርሻ ስንት ነው?
2. ብር 25,000 የሚያወጣ ዘር በእርጥበት ቢበላሽ ሀብት፣ ዕዳና የአባሎች ድርሻ እያንዳንዳቸው ስንት ይሆናሉ?
3. ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ከዕዳው ብር 30,000 በጥሬ ገንዘብ ቢከፍል የአባሎቹ ድርሻ ይቀንሳልን?

መልስ። 1. የሀብት ድምር ብር 280,000 ነው፤ ዕዳው 70,000 ሲነሣ የአባሎች ድርሻ ብር 210,000 ይሆናል። 2. ሀብት ብር 255,000፤ ዕዳ ብር 70,000፤ የአባሎች ድርሻ ብር 185,000። የተበላሸውን ዘር የተሸከሙት አባሎች ናቸው። 3. አይቀንስም። ሀብት ወደ ብር 225,000፣ ዕዳም ወደ ብር 40,000 ይወርዳል፤ የአባሎች ድርሻ ብር 185,000 እንደ ሆነ ይቀራል። ይሁን እንጂ በእጅ የቀረው ጥሬ ገንዘብ ብር 10,000 ብቻ ስለ ሆነ፣ ማኅበሩ ለመጪው ክረምት የሚያስፈልገውን ወጪ ከየት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።